«ለዘለቄታው ዝጉልኝ» ብዬ ነበር፤ ስለምናቸው መልሰው ከፈቱልኝ

ጤና ይስጥልኝ። ታክሲ ነጂ ነኝ። መኪናው የራሴ ስላልሆነ ለባለመኪናው በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ። ተሳፋሪ ስጠብቅ በስልኬ የኳስ ውርርድ እቆርጣለሁ። ሲጀመር ለጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ አሁን የባለመኪናውን ገቢ ሳይቀር እየነካሁ ነው። ባለፈው ወር ለአቋማሪው ድርጅት እንዲህ ብዬ ኢሜይል ላክሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከሥራዬ ጋር ስላልተመቸኝ አካውንቴን ለዘለቄታው እንድትዘጉልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።» በማግስቱ «ዘግተናል፤ መመለስ በፈለጉ ጊዜ ይጻፉልን» አሉኝ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየሁም። ቅዳሜ ማታ ጻፍኩላቸው፤ ወዲያው ከፈቱልኝ፤ ቦነስም ጨመሩልኝ። ያን ሌሊት እጄ ላይ የነበረው ሁሉ አለቀ።

አሁን ደግሜ ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ ግን እጄ ይያዛል። «የቁማር ችግር አለብኝ» ብዬ ለማላውቀው ሰው መጻፍ ያሳፍረኛል። በዚያ ላይ ጨዋታው ገና ያልደረሰ አንድ ትኬት አለኝ፤ አካውንቱ ውስጥም ትንሽ ገንዘብ ቀርቷል። ሚስቴ የምታውቀው ግማሹን ነው። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ታክሲ ነጂው

---

ወንድሜ፣ ኢሜይልህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጨዋ ነው፤ አጭር ነው፤ «ለዘለቄታው» የሚለውም ቃል አለበት። እንዲያም ሆኖ አልያዘልህም። ለምን እንዳልያዘ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ የምትለውጠው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አቋማሪ ድርጅቶች ዘንድ አካውንት የሚዘጋው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ገጻቸው ላይ Take a Break፣ Close Account እና Self-Exclusion የሚሉ የተለያዩ ምርጫዎች አሏቸው። የመጀመሪያው እረፍት ነው፤ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይቆለፍና ጊዜው ሲያልቅ ይከፈታል። ሁለተኛው ተራ መዝጋት ነው፤ አገልግሎቱ ያልተመቸው ደንበኛ ትቶ ሲሄድ የሚደረግ ነው፤ ሐሳቡን ከለወጠ ደግሞ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። ሦስተኛው ራስን ማገድ ነው። እዚህ ላይ ደንበኛው «ብለምናችሁም አትክፈቱልኝ» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል፤ ድርጅቱም ስሙን በታገዱ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። አንተ የፈለግኸው ሦስተኛውን ነበር። የጻፍከው ግን ሁለተኛውን ነው። «ከሥራዬ ጋር ስላልተመቸኝ» የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ በዚያኛው መዝገብ ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ቀጣዩ ኢሜይል አለፈ። «መመለስ በፈለጉ ጊዜ ይጻፉልን» የሚለው መልስም ከዚያው የመጣ ነው፤ ለታገደ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም።

ይህን የምልህ ድርጅቱን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ቅዳሜ ማታ ሲለምናቸው ለተገኘ ሰው ቦነስ ጨምሮ የሚከፍት ድርጅት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ነገር ግን የመክፈት መብት የሰጣቸው የምክንያቱ አጻጻፍ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሕጉ የጠበቀበትን አንድ አገር እንውሰድ። በብሪታንያ ፈቃድ ያለው አቋማሪ ራሱን ያገደን ሰው ቢያንስ ለ6 ወር መልሶ ማስገባት አይችልም፤ ስሙንም ከማስታወቂያ መዝገቡ በ2 ቀን ውስጥ ማውጣት አለበት። የእገዳው ጊዜ ካለፈም በኋላ ሰውየው ራሱ ካልጠየቀ አካውንቱ አይከፈትም፤ ቢጠይቅም አንድ ቀን እንዲያስብበት ይቆያል። ተራ መዝጋት ይህ ሁሉ ጥበቃ የለውም። ሁለቱንም የሚለያያቸው ደንበኛው የሰጠው ምክንያት ነው።

ስለዚህ ያ የምታፍርበት ዓረፍተ ነገር ኢሜይሉ ውስጥ ዋናው ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። እፍረትህን አላቃልለውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ስታስበው ኢሜይሉን ማን ሲያነበው ነው የሚታይህ? ባለመኪናው? ሚስትህ? የሰፈር ሰው? የሚያነበው ፊትህን የማያውቅ፣ እንዲህ ያለ ኢሜይል ማየት የለመደ ሠራተኛ ነው፤ የሚፈልገውም የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ማወቅ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደተበላህ፣ ከማን እንደተበደርክ፣ ቤትህ ምን እንደሚመስል ልትነግረው አይገባም። ኑዛዜ አይደለም። «ቁማሩን መቆጣጠር አቅቶኛል» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች፤ እሷ ከተጻፈች በኋላ ድርጅቱ «አላወቅንም ነበር» ሊል አይችልም። ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅህ ያለው ማስረጃም እሷው ናት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። እንዳለ ልትወስደው ትችላለህ፤ ባዶውን ብቻ ሙላ።

«ርዕስ፦ ራስን ከውርርድ የማገድ ጥያቄ (Self-Exclusion)

ስሜ … ነው። በአካውንት ስም …፣ በስልክ ቁጥር …፣ በትውልድ ቀን … የተመዘገብኩ ደንበኛችሁ ነኝ። ቁማሩን መቆጣጠር አቅቶኛል፤ ስለዚህ ራሴን ለዘለቄታው እንድታግዱኝ እጠይቃለሁ። ለዘለቄታው ማገድ በደንባችሁ ከሌለ ያላችሁን ረጅሙን ጊዜ ስጡኝ። ይህ ተራ አካውንት የመዝጋት ጥያቄ አይደለም። ወደፊት እኔው ራሴ በኢሜይል፣ በስልክም ሆነ በቻት እንድትከፍቱልኝ ብጠይቅ አትቀበሉኝ።

እገዳው በእናንተ ሥር ባሉ ሌሎች የውርርድ ገጾችም ላይ ይሁንልኝ። አካውንቱ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ወደ ተመዘገበው የባንክ ሂሳቤ ላኩልኝ። ያልተጠናቀቀውን ትኬት በደንባችሁ መሠረት ጨርሱት። ከዛሬ ጀምሮ ቦነስም ሆነ ማስታወቂያ በኢሜይል፣ በአጭር መልእክትም ሆነ በስልክ ጥሪ አትላኩልኝ። መታገዴን፣ የጀመረበትን ቀንና የሚቆይበትን ጊዜ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።»

አንዳንዱ መስመር ለምን እንደገባ ላስረዳህ፤ ካልተረዳኸው ልትቀንሰው ትችላለህና።

መጀመሪያ ነገር፣ ኢሜይሉ ስትመዘገብ በሰጠኸው አድራሻ ይላክ። በሌላ አድራሻ ከላክኸው «ማንነትዎን ያረጋግጡ» ይሉሃል፤ ማረጋገጫው ሲመላለስ ቅዳሜ ይደርሳል። የመታወቂያ ፎቶ ቢጠይቁህም በአካውንቱ ገጽ ላይ በተጻፈው አድራሻቸው ብቻ ላክ፤ ከዚያ ውጭ በቴሌግራም «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» ለሚልህ አትስጥ።

ገንዘቡን እነሱ ይላኩልህ ያልኩት በምክንያት ነው። «ገብቼ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ እዘጋለሁ» ብሎ የገባ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ስንት ገጽ እንደሚያልፍ ታውቃለህ፤ መንገዱ ላይ የቀጥታ ጨዋታው ኦድ ቁልቁል ሲወርድ ያየዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብለሃል። ትንሽ ሲሆን ደግሞ «ይቺን እንኳ ልሞክርባት» ያሰኛል። አትግባ።

አሁን የማልተወው አንድ መስመር አለ፤ እሱም ኢሜይሉ ውስጥ ያልጻፍኩት ነው። አንዳንድ ሰው በብስጭት «መረጃዬን በሙሉ ሰርዙልኝ» ብሎ ይጨምራል። ደስ ይላል፤ ንጹሕ ሆኖ የመውጣት ያህል ነው። ግን ተቃራኒውን ያመጣል። ድርጅቱ አንተን የሚያግደው ስምህን፣ ስልክህንና የትውልድ ቀንህን ይዞ ከአዲስ ተመዝጋቢዎች ጋር እያመሳከረ ነው። መረጃህ ከጠፋ ነገ በዚያው ስልክ እንደ አዲስ ሰው ትመዘገባለህ፤ ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠውንም ቦነስ ትቀበላለህ። ከማስታወቂያ መዝገብ ይሰርዙህ፤ ከታገዱ ሰዎች መዝገብ ግን አትውጣ።

ትኬቱን በተመለከተ የጻፍከው ነገር ከሁሉ በላይ አሳሰበኝ። ራስን ማገድ ያልተጠናቀቀ ትኬት ላይ ምን እንደሚያደርግ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ አንዱ ጨዋታው እስኪያልቅ ትቶት ካሸነፈ ይከፍላል፤ ሌላው ሰርዞ ያስያዝከውን ይመልሳል። ሁለቱም ሲታዩ በማገዱ ምክንያት የሚጠፋብህ ነገር ብዙ አይደለም። ታዲያ «ትኬቱ ይውጣና እጽፋለሁ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ቀስ ብለህ ለራስህ መልስ፦ ትኬቱ ቢገባ ገንዘቡ የት ይሄዳል? «ለባለመኪናው እከፍላለሁ» የሚል መልስ ከመጣልህ፣ ከዚህ በፊት የገባልህ ትኬት የት እንደሄደ አስታውስ። ባይገባ ደግሞ ያን ማታ ኢሜይል ለመጻፍ ልብ ይኖርሃል ወይስ የተበላውን ለማስመለስ ሌላ ትቆርጣለህ? ውርርድ የያዘው ሰው ሁልጊዜ አንድ ያላለቀ ትኬት አለው። ስለዚህ ትኬቱ እያለ ነው የሚጻፈው።

ስትልክ ምን እንደሚመጣ አስቀድመህ ብታውቅ ይሻላል። ምናልባት ዝም ይሉህ ይሆናል። ምናልባት «ከመዝጋት ይልቅ የማስያዣ ገደብ ብናደርግልዎስ?» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን የሚጽፍ ሰው እጅግ ትሁት ነው፤ ስምህን እየጠራ ነው የሚጽፍልህ። ስልክም ሊደወል ይችላል። ለሁሉም መልስህ አንድ ይሁን፦ «የጠየቅሁት ራሴን ለማገድ ነው፤ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።» ከዚያ በላይ አትከራከር፤ ምክንያት አትደርድር፤ መነጋገር በጀመርክ ቁጥር ድርድር ይሆናል። በአንድ ቀን መልስ ካላገኘህ ገጻቸው ላይ ባለው ቻት የኢሜይሉን ቀን ጠቅሰህ ጠይቅ፤ ንግግሩንም በስክሪን ፎቶ ያዘው። እምቢ ካሉ ወይም ካጓተቱ ፈቃድ ለሰጣቸው መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላለህ፤ የፈቃድ ሰጪው ስም አብዛኛውን ጊዜ በገጻቸው ግርጌ ተጽፎ ይገኛል።

መልሳቸው ሲመጣ ሳትቸኩል አንብበው። በእርግጥ ታግደህ ከሆነ ቀኑና የሚቆይበት ጊዜ ይጻፋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደማይከፈትም ይነገርሃል። «በፈለጉ ጊዜ» ወይም «እስኪመለሱ እንጠብቃለን» የሚል ነገር ካየህበት ያለፈው ወር መዝጊያ ነው፤ ያንኑ ኢሜይል መልሰህ ላክና «ይህ ተራ መዝጋት አይደለም» የሚለውን መስመር ከላይ አውጣው። ተዘግቶ እንደሆነ ለማየት ብለህ ግን በይለፍ ቃልህ ለመግባት አትሞክር። ከተከፈተልህ ውስጥ ነህ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኢሜይልህ የሚዘጋው አንድ ድርጅት ብቻ ነው። ጎን ለጎን ሌላ አካውንት አለህ? በወንድምህ ወይም በሚስትህ ስም የከፈትከውስ? ደብዳቤህ ላይ አልጠቀስክም፤ እኔም አልመረምርህም፤ ግን ካለ በዚያው ቀን ለእያንዳንዱ መጻፍ አለበት። በአካል የሚቆረጥበት ቤትም በኢንተርኔቱ እገዳ አይሸፈንም፤ ለብቻው ይጠየቃል። አንዳንድ አገሮች ይህን ድካም በአንድ ምዝገባ የሚያስቀር ብሔራዊ መዝገብ አላቸው። የብሪታንያው GAMSTOP፣ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው የስዊድኑ Spelpaus እና በ2023 የተጀመረው የአውስትራሊያው BetStop በአንድ ጊዜ ምዝገባ በአገሩ ፈቃድ ያላቸውን የኢንተርኔት አቋማሪዎች ሁሉ ያስዘጋሉ። በምትኖርበት አገር እንዲህ ያለ መዝገብ ካለ ኢሜይሉን ከላክህ በኋላ እዚያም ተመዝገብ። ከሌለ በየድርጅቱ መጻፍ ነው፤ ጽሑፉ ተዘጋጅቶልሃልና ስምና ቁጥር መቀየር ብቻ ይቀርሃል።

የአንተ ነገር ከሌላው ሰው የሚለየው ስልኩ ላይ ነው። ሌላውን «ስልክህን አርቀው» ማለት ይቻላል፤ አንተ የምትበላው በስልክህ ነው። የተሳፋሪ ጥሪ በሚመጣበት ስክሪን ላይ የኳሱም መልእክት ይመጣል፤ ሥራ ቀዝቅዞ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ ሁለቱም ከፊትህ ናቸው። ስለዚህ ስልኩን ሳይሆን ገጾቹን መዝጋት ይሻላል። BetBlocker የሚባል በነጻ የሚገኝ መተግበሪያ አለ፤ ስትጭነው የሚቆይበትን ጊዜ ትመርጣለህ፤ ጊዜው ሳያልቅም በቀላሉ እንዳይነሳ ሆኖ የተሠራ ነው። የሥራ መተግበሪያህን አይነካም፤ የውርርድ ገጾችን ብቻ ነው የሚዘጋው። ፍጹም አይደለም፤ አዲስ የተከፈተ ገጽ ሊያመልጠው ይችላል። ባንክህም ወደ አቋማሪዎች የሚደረግ ክፍያ የሚያግድበት አሠራር ካለው ጠይቅ።

ሰው የሚረሳው ደግሞ የቴሌግራም ቻናሎችን ነው። «የዛሬ ሽዋር ጨዋታ» እያሉ የሚልኩልህ ሰዎች ብዙዎቹ በእነሱ ሊንክ ገብቶ ከተመዘገበ ሰው ኮሚሽን ያገኛሉ። ድርጅቱ አንተን ቢያግድም እነሱን አያስቆማቸውም፤ የሚልኩልህም ያገደህን ድርጅት ሳይሆን የሌላ ድርጅት ሊንክ ሊሆን ይችላል። ኢሜይሉን በላክህበት ሰዓት ከቻናሎቹ ውጣ። ድምጽ ማጥፋት አይበቃም።

ገቢውንም አስብበት። ባለመኪናው ገቢውን የሚቀበልህ ማታ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ኪስህ ውስጥ ይውላል። ቀን ላይ ግማሹን፣ ማታ ቀሪውን መላክ ብትችል የመሸ ሰዓት ላይ እጅህ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ላድርግ ስትለው ለምን ብሎ የሚጠይቅህ አይመስለኝም፤ ገንዘቡ ቀድሞ ቢደርሰው ማን ይጠላል? ቀድሞ የጎደለ ካለ ግን እሱ ራሱን የቻለ ንግግር ነው፤ ባለመኪናው በራሱ ሂሳብ ሳይደርስበት አንተ ብትነግረው ይሻላል፤ በየሳምንቱ ስንት እንደምትከፍለው ቆርጠህ ሂድ።

ስለ ሚስትህ «ግማሹን ታውቃለች» ያልከው ቀላል ነገር አይደለም። የትኛው ግማሽ ነው? ውርርዱን ታውቅና ዕዳውን ነው የማታውቀው? ወይስ ተውኩት ብለሃት መልሰህ መክፈትህን? ሁሉንም በአንድ ሌሊት ዘርግፍ አልልህም። ግን ኢሜይሉን ስትልክ አጠገብህ እንድትቀመጥ ብትጠይቃት ግማሹን ማስረዳት አይኖርብህም፤ ጽሑፉ ራሱ ይነግራታል። የማረጋገጫ መልሱም ለእሷ ይላክ፤ አንድ ቅጂ ስልኳ ላይ ይቀመጥ። ልትቆጣ ትችላለች። ቁጣዋን ሰምተህ «ገንዘቡን ለጊዜው አንቺ ያዢው» ማለት ከቻልክ ጥሩ ነው፤ እሷ ካልፈለገች ግን አታስገድዳት፤ ጠባቂህ ሆና እንድትኖር ማድረግም ሸክም ነው። ለእሷ መናገር ዛሬ ካቃተህ ወንድም፣ የምታምነው ጓደኛ ወይም የንስሐ አባት ይሁን፤ ብቻህን አትላከው።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ። ያ ሌሊት ሁሉ ነገር ሲያልቅ «ከምኖር ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ነበር? ውርርድ የበላው ሰው ላይ ይመጣል፤ አያስገርምም፤ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከመጣብህ ኢሜይሉ ይቆይና ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር፤ በአቅራቢያህ ካለ ጤና ተቋምም ሂድ። ራስህን ለመጉዳት ከተቃረብክ መሪ አትያዝ፤ ሰው ይንዳህ።

ካልሆነ ግን ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ እይ። ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ጨዋታ በሌለበት ጠዋት፣ መኪናውን አቁመህ ላከው፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሳው፤ ቻናሎቹን ልቀቅ፤ መተግበሪያውን ጫን። መጪው ቅዳሜ ማታ ሥራ ከቀዘቀዘ መኪና ውስጥ ብቻህን ከመቀመጥ ቀደም ብለህ ወደ ቤት ግባ። መልሳቸው ሲመጣ እንዳለ ላክልኝ፤ አግደውህ ይሁን ወይ ዳግመኛ ዝም ብለው ዘግተውህ አብረን እናየዋለን።